የስልክ ባትሪ የመሙያ ጊዜ ስሌት ምንድን ነው?

ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ ስልክ አለ፤ ቻርጀሩ ላይ 2 አምፒር ተጽፏል። ብዙ ሰው 5000ን ለ2000 አካፍሎ «በሁለት ሰዓት ተኩል ይሞላል» ይላል። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ግን ያሳስታል። ሁለት ቻርጀሮች ሁለቱም 2 አምፒር እየሰጡ አንዱ በ5 ቮልት፣ ሌላው በ9 ቮልት ሊሠሩ ይችላሉ። አምፒር በቮልት ሲባዛ ዋት ስለሚሰጥ፣ የመጀመሪያው 10 ዋት፣ ሁለተኛው 18 ዋት ነው። አምፒሩን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል።

ስለዚህ ስሌቱ የሚጀምረው ሁሉንም ወደ ዋት በመቀየር ነው። የስልክ ባትሪ አማካይ ቮልቴጅ አብዛኛውን ጊዜ 3.85 ገደማ ነው፤ ባትሪው ላይ ተጽፎ ይገኛል። 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ማለት 5 አምፒር ሰዓት ስለሆነ፣ 5 በ3.85 ሲባዛ 19.25 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባትሪው የሚይዘው ጉልበት ይህ ነው። ከቻርጀሩ የሚወጣው ግን ሁሉም ባትሪው ውስጥ አይገባም፤ ከፊሉ በኬብሉና በስልኩ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 85 በመቶው ይገባል ብለን ብንይዝ፣ 19.25ን ለ0.85 ስናካፍል 22.6 ዋት ሰዓት እናገኛለን። ቻርጀሩ ማቅረብ ያለበት ይህን ያህል ነው።

22.6ን ለ10 ዋት ብናካፍል 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይመጣል። ይህም ቢሆን ገና ያንሳል፤ ምክንያቱም ባትሪው እስከ መጨረሻው በአንድ ፍጥነት አይሞላም።

ሊቲየም ባትሪ የሚሞላው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያው ስልኩ በአምፒር የሚለካውን የኤሌክትሪክ ጅረት በተወሰነ መጠን ያስገባል፤ የባትሪው ቮልቴጅም ቀስ በቀስ ይወጣል። ቮልቴጁ የተፈቀደለት ጣሪያ ላይ ሲደርስ፣ ይህም በብዙ የዛሬ ስልኮች 4.4 ቮልት አካባቢ ነው፣ ስልኩ ቮልቴጁን እዚያው ይይዝና ጅረቱ እያነሰ እንዲሄድ ያደርጋል። ጅረቱ ባይቀነስ ቮልቴጁ ከጣሪያው ያልፋል፤ ባትሪው ውስጥም ብረታማ ሊቲየም እየተጋገረ ዕድሜውን ያሳጥራል፣ አደጋም ያመጣል። መጨረሻው የሚዘገየው ቻርጀሩ ደክሞ ሳይሆን ስልኩ ባትሪውን ለመጠበቅ ብሎ ነው።

ለግምት እንዲመች በ10 ዋት ቻርጀር እስከ 80 በመቶ በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ በኋላ በአማካይ በግማሽ ኃይል ይሞላል ብለን እንያዝ። የ22.6 ዋት ሰዓት 80 በመቶ 18.1 ነው፤ ለ10 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይሆናል። የቀረው 4.5 ዋት ሰዓት በ5 ዋት 54 ደቂቃ ይፈጃል። ድምሩ 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ።

በ18 ዋት ቻርጀር ጅረቱ ስለሚበረታ የባትሪው ቮልቴጅ ጣሪያውን ቀድሞ ይነካል። ከ70 በመቶ ጀምሮ ይቀንሳል ብንል፣ እስከዚያ ያለው 15.8 ዋት ሰዓት 53 ደቂቃ፣ የተረፈው 6.8 ደግሞ በ9 ዋት 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ በአጠቃላይ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ። ኃይሉ 1.8 እጥፍ ሲያድግ ጊዜው በዚያው ልክ አላጠረም። የፈጣን ቻርጀር ጥቅም የሚታየው መጀመሪያው ላይ ነው። መብራት ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢመጣ ባዶ ስልክ በ10 ዋት 44 በመቶ ገደማ ሲይዝ፣ በ18 ዋት ከ70 በመቶ ያልፋል። በተቃራኒው ከኮምፒውተር ዩኤስቢ መውጫ በ2.5 ዋት ብቻ ሲሞላ ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል፤ ጅረቱ መጀመሪያውኑ ትንሽ ስለሆነ የመጨረሻው መዘግየት እምብዛም አይታወቅም።

ስሌቱ ውስጥ የሚገባው ዋት ከቻርጀሩና ከስልኩ የትንሹ ነው። ስልኩ 18 ዋት ብቻ የሚቀበል ከሆነ 33 ዋት ቻርጀር ቢሰካለትም በ18 ዋት ነው የሚሞላው። ቻርጀሩም ሁልጊዜ በ5 ቮልት ጀምሮ ወደ 9 የሚያልፈው ስልኩ ሲጠይቀው ነው። ሁለቱ የሚግባቡበት የፈጣን ቻርጅ ስርዓት የተለያየ ከሆነ እዚያው 5 ቮልት ላይ ይቀራል። ይህ ሲሆን ስልኩ ፈጣን ቻርጅ መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍ አያሳይም።

እውነተኛው ጊዜ ከግምቱ ብዙ ከራቀ፣ ለምሳሌ 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ የተባለው 5 ሰዓት ከፈጀ፣ መጀመሪያ ኬብሉን መቀየር ነው። የቀጠነ ወይም የተጎዳ ኬብል ቮልቴጁን መንገድ ላይ ስለሚጥለው ስልኩ የሚወስደውን ጅረት ይቀንሳል። በሌላ ኬብል ካልተለወጠ ቻርጀሩን፣ ከዚያ የስልኩን የቻርጅ ቀዳዳ ማየት ይገባል፤ እዚያ የሚጠራቀም አቧራ ግንኙነቱን ያላላል። ስልኩ ከሞቀ ሽፋኑን አውልቆ፣ ስክሪኑን አጥፍቶ እንደገና መለካት ነው፤ ሲሞቅ ስልኩ ራሱ ጅረቱን ይቀንሳል፣ ስክሪኑም ከሚገባው ላይ ይወስዳል። ከግምቱ በጣም ቀድሞ 100 በመቶ ካለና ቶሎ ካለቀ ደግሞ፣ ያረጀው ባትሪ አሁን 5000 አይዝም ማለት ነው።