ሸጠ ወይስ ሰጠ? ኦሲአር የአማርኛ ጥያቄ ሲያነብ

አራት ኪሎ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። የፈተና ሰሞን ሲደርስ ተማሪዎች የቆዩ የጥያቄ ወረቀቶች ይዘው ይመጣሉ። ሁሉንም በእጅ መተየብ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ስካን አድርገን በኦሲአር ወደ ጽሑፍ እንቀይረዋለን። ኦሲአር ከምስል ላይ ፊደል እየለቀመ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ሥራ ደንበኞቼ የሚሉኝን፣ አንዳንዱንም እኔው ራሴ ስል የነበረውን፣ እዚህ ላንሳው።

«ማሽኑ ከተሳሳተ ቃሉ ይበላሻል። አይቶ ማረም ነው።»

አንድ የሕግ ተማሪ እስኪመጣ ድረስ እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው። ልጁ ከእኔ ወስዶ ያጠናው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «አቶ ከበደ ቤቱን ለእህቱ ልጅ ሰጠ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል። ውሉ ይጸናል?»

ልጁ ጎበዝ ነው። ነገሩ ስጦታ ነው ብሎ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከፈተ። ቁጥር 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ አሠራር ካልተደረገ ዋጋ የለውም ይላል። ግልጽ ኑዛዜ ደግሞ በመደበኛው አካሄድ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። እዚህ ያሉት ሁለት ናቸው። «አይጸናም» ብሎ ጻፈ።

የመልስ ወረቀቱ ግን ቁጥር 2877ን ይጠቅሳል። እሱ የሚናገረው ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ነው። ሽያጩ በጽሑፍ ይሁን ይላል። በጽሑፍ ለሚደረግ ውል ሁለት ምስክሮች እንደሚበቁ ደግሞ ቁጥር 1727 ላይ አለ። (በቁጥር 1723 ስላለው ምዝገባ የሚነሳውን ክርክር ለሕግ ሰዎች ልተወው።) «ጋሼ፣ መልሱ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ?» አለኝ። ዋናውን ወረቀት አውጥተን አየን። የተጻፈው «ሸጠ» ነው። የሳትኩት እኔና ማሽኔ ነን።

የጠፋችው ከሸ አናት ላይ ያለችው አጭር አግድም ሰረዝ ናት። እሷ ስትጠፋ ሸ ሰ ይሆናል። «ሰጠ» ደግሞ ንጹሕ አማርኛ ነው። ዐረፍተ ነገሩም አልተንገዳገደም። ሁለቱ ምስክሮች እንኳን ሆን ተብሎ የተቀመጠ ወጥመድ መሰሉ።

እንዲህ ያሉ መንታ ፊደላት ብዙ ናቸው። ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ዘና ዠ፣ ጠና ጨ አሉ። በየቃሉ ስታዩዋቸው ነው የሚያስደነግጡት። ቀንና ቀኝ። እናና እኛ። ጣትና ጫት። ፈታትና ፈታች። በመጨረሻው ላይ ባልና ሚስት ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው።

በተቃራኒው የኃምስ ፊደል ቀለበት በቀለም ሲደፈን የሚመጣው ስህተት ብዙ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። «ቤት» «ቢት» ሆኖ ሲወጣ ማንም ያየዋል። የሚያስፈራኝ ያማረው ስህተት ነው።

«ፕሮግራሙ አማርኛ ያውቃል። ከአካባቢው ቃላት ተነስቶ ራሱ ያስተካክለዋል።»

እኔ የምጠቀመው ቴሰራክት የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። የአማርኛ ፋይል አለው። ትእዛዙ ይህ ነው፦

```
tesseract teyake.png teyake -l amh
```

ይህ ፕሮግራም እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ ብቻ አያይም። መስመሩን ጠቅላላ ያነባል። የትኛው ፊደል የትኛውን እንደሚከተልም ከሠለጠነበት ጽሑፍ ልማድ ወስዷል። ምልክቷ ጥርት ብላ ከታየች ያያትን ይጽፋል። ከደበዘዘች ግን ወደ ልማዱ ያዘነብላል።

ለደብዳቤ ወይም ለዜና ይህ ጥሩ ነው። ለጥያቄ ግን አንዳንዴ ጠላት ነው። አንድ ጊዜ የጤና ተማሪዎች ወረቀት ላይ «የታማሚው ሽንት ቀለሙ ምን ይመስላል?» የሚለውን «የታማሚው ስንት ቀለሙ» ብሎ አወጣው። በጥያቄ ወረቀት ላይ «ስንት» የማይገባበት ቦታ የለም፤ ማሽኑም ለምዶታል። ያኔ ስቀን አረምነው።

አካባቢው ለሁለቱም ቃል እኩል ሲመች ግን ማሽኑም ሰውም መንገድ የለውም። «ሁለት ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ፈታች። ንብረቱ እንዴት ይከፈላል?» የሚለው ላይ «ፈታት» ብታስገቡ ምንም አይጎረብጥም። መልሱ ያለው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው።

«300 ዲፒአይ ላይ ስካን ካደረግከው አለቀ።»

ዲፒአይ በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ የሚያርፈው የፒክሰል ብዛት ነው። 300 ዲፒአይ ጥሩ መነሻ ነው። ችግሩ ወረቀቱ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለፈበት መንገድ ነው።

ስሌቱን እንየው። በ12 ነጥብ የታተመ ፊደል በ300 ዲፒአይ ሲነሳ ወደ 50 ፒክሰል የሚጠጋ ቁመት ይመደብለታል። በዚያ መጠን የሸ ሰረዝ ጥቂት ፒክሰል ታገኛለች፤ ትታያለች። አሁን ተማሪው ያንኑ ገጽ በስልኩ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ እንበል። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ከወረደ፣ የኤፎር ገጽ ቁመት 29.7 ሳንቲሜትር ስለሆነ፣ የሚደርሰኝ ወደ 109 ዲፒአይ ነው። ፊደሉ ወደ 18 ፒክሰል ወረደ። ሰረዟ አንድ ፒክሰል ብታገኝ ነው፤ እሷም ግራጫ ሆና። ስለዚህ «በፋይል ላኩልኝ» እላለሁ። እንደ ፋይል ሲላክ ምስሉ እንዳለ ይመጣል።

ፎቶኮፒ የፎቶኮፒ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ሦስተኛው ቅጂ ላይ ሰረዟ ከወረቀቱ ጠፍታ ከሆነ በ600 ዲፒአይ ብታነሱትም የምታገኙት ጥርት ያለ ሰ ነው። ደብዝዛም ቢሆን ካለች ግን ስካነሩን ጥቁርና ነጭ ላይ ሳይሆን ግራጫ ላይ አድርጉት። ጥቁርና ነጩ የደበዘዘውን ሁሉ ነጭ ብሎ ይጥለዋል።

አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። እዚያው ወረቀት ላይ ሸ መሆኑን በእርግጠኝነት የምታውቁትን ቃል ፈልጉ። «ሺህ» ወይም «ሽያጭ» ሊሆን ይችላል። ምስሉን አራት እጥፍ አጉልታችሁ እዩት። እዚያም ሰረዟ ከሌለች፣ ወይም ፕሮግራሙ «ሲህ» ብሎ ካወጣው፣ የዚያን ወረቀት ሰ ሁሉ አትመኑ። ዋናውን ቅጂ መፈለግ ነው።

«ትልቁ ጣጣ ሀ፣ ሐና ኀ መምታታታቸው ነው።»

ለዛሬ አማርኛ አንባቢ አይደለም። «ሀገር»ም በሉት «ሐገር» ጥያቄው ያው ነው። ፍለጋ ላይ ግን ያስቸግራል፤ አንዱን ጽፈህ ሌላውን አታገኝም። ለዚህ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ቅጂ አዘጋጅቶ ፊደላቱን እዚያ ማመሳሰል ይሻላል። ዋናው ጽሑፍ አይነካ።

የግዕዝ ጥያቄ ሲሆን ጨዋታው ይቀየራል። ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፣ ሰአለ ለመነ። መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ይቅር አለ። እዚያ ፊደሉ ራሱ ጥያቄው ነው።

«ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ትክክል ነው ተብሏል።»

ከመቶ ፊደል አንዱ ስህተት ነው ማለት ነው። 1500 ፊደል ያለው ገጽ 15 ስህተት ይኖረዋል። ገጹ ላይ አሥር ጥያቄ ካለ ለአንድ ጥያቄ አንድ ተኩል ይደርሰዋል። ሁሉም አራት ነጥብ ላይ ቢያርፍ ግድ የለኝም። ግሱ ላይ ካረፈ ግን አንዱም ይበቃል። በመቶኛ የሚነገረው ቁጥር ይህን አይለይም።

«ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

ዓይን የሚያነበው ትርጉሙን ነው። ትርጉም እስካለ ድረስ ያልፋል። ስለዚህ ብቻዬን አላርምም። ረዳቴ ከዋናው ወረቀት ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ስክሪኑን እከተላለሁ። መንታ ፊደል ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች።

የት እንደምንቆም የሚነግረን ትንሽ ኮድም አለን። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሠንጠረዥ፣ በዩኒኮድ ውስጥ፣ ሸ ከሰ ስምንት ቦታ ቀጥሎ ነው የተቀመጠው። ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ዠ ከዘ፣ ጨ ከጠም እንዲሁ። ስለዚህ ስምንት መደመር ወይም መቀነስ መንታውን ያወጣል፦

```python
BASE = "ሰተነዘጠ"

def twins(w):
    for i, c in enumerate(w):
        row = ord(c) // 8 * 8
        if chr(row) in BASE:
            yield w[:i] + chr(ord(c) + 8) + w[i+1:]
        elif chr(row - 8) in BASE:
            yield w[:i] + chr(ord(c) - 8) + w[i+1:]
```

«ሰጠ»ን ስትሰጡት «ሸጠ»ንና «ሰጨ»ን ያወጣል። ከእነዚህ አንዱ በቃላት ዝርዝራችሁ ውስጥ ካለ ቃሉን በቢጫ አቅልሙት። «ሰጨ» የለም፣ «ሸጠ» አለ። ስለዚህ «ሰጠ» ይቀልማል።

ጉድለቱንም ልናገር። ደና ጀ በስምንት ሳይሆን በአሥራ ስድስት ስለሚራራቁ እዚህ አልገቡም። ነበርና ነብርም እንዲሁ፤ እነሱ የሚለያዩት በመንታ ፊደል ሳይሆን በበና በብ ነው። የአማርኛ ቃል ደግሞ ከፊትም ከኋላም ቅጥያ ይደርብበታል። ዝርዝሩ ውስጥ «ሸጠ» ብቻ ካለ «የሸጠላት»ን አያውቀውም። እኛ ዝርዝራችንን የሠራነው ቀደም ብለን በእጅ ከተየብናቸውና ከታረሙ ወረቀቶች ነው። አዲስ ወረቀት ባረምን ቁጥር ቃላቱን እንጨምርበታለን።

የሕግ ተማሪው ወረቀት ላይ ኮዱን ሳስኬደው የመጀመሪያው ቢጫ «ሰጠ» ላይ ወጣ። ሁለተኛው «ስንት» ላይ ነበር። እሱ እንኳን ትክክል ነው።