ኢሜይል ላይ ፎቶ የማይታየው ለምንድነው፣ የ«ሪሞት ኮንተንት» ማገጃስ ከምን ነው የሚጠብቀን?

ኢሜይል ስትከፍቱ ጽሑፉ አለ ፎቶው ግን የለም፣ በቦታው ባዶ ሳጥን ነው ያለው። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ኔትወርክ ደክሞ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ወይ ይናደድና ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ይከፍታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም፣ የኢሜይል ፕሮግራሙ ራሱ ነው ፎቶውን አላመጣም ያለው። እዚህ በደንብ የማየው ተንደርበርድ የተባለውን የኮምፒውተር ኢሜይል ፕሮግራም ነው፣ ምክንያቱም ማገጃው ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው፣ ደግሞም ምን እንዳገደ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

መጀመሪያ መያዝ ያለበት ነገር ኢሜይል ውስጥ ያለ ፎቶ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው ከመልእክቱ ጋር አብሮ ተጭኖ የሚመጣ ነው፣ ፎቶው ወደ ጽሑፍ ኮድ ተቀይሮ መልእክቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ኢሜይሉ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ብትዘጉትም ይታያል። ሁለተኛው ግን መልእክቱ ውስጥ የለም! ያለው አድራሻው ብቻ ነው፣ «ይሄን ፎቶ ከዚህ ሰርቨር ሄደህ አምጣ» የሚል ትእዛዝ ማለት ነው። ሪሞት ኮንተንት የሚባለው ይሄ ሁለተኛው ነው። ድርጅቶች ይሄን የሚመርጡበት ምክንያት አላቸው፣ አብሮ የሚላክ ፎቶ ወደ ኮድ ሲቀየር መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል፣ ለአንድ መቶ ሺህ ሰው የሚልክ ድርጅት ደግሞ አድራሻ ብቻ መላክ በጣም ይቀለዋል። ሌላም ምክንያት አላቸው፣ የማገጃው ጉዳይም እሱ ነው።

ኮምፒውተራችሁ ፎቶውን ሊያመጣ ወደዛ ሰርቨር ሲሄድ በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው፣ ሰርቨሩም ማን እንዳንኳኳ ይመዘግባል። ለናንተ ብቻ የተሰራ መለያ ቁጥር አድራሻው ላይ ከተቀጠለ ደግሞ ያንኳኳችሁት እናንተ መሆናችሁ ይታወቃል። ለዚህ ስራ ተብሎ የሚሰራው ምስል አንድ በአንድ ፒክስል ነው፣ ብዙ ጊዜ ቀለም እንኳን የለውም፣ ዓይን አያየውም፣ ትራኪንግ ፒክስል ይሉታል። መልእክቱ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፦

```
<img src="https://t.example.net/o.gif?id=7f3a91"
     width="1" height="1">
```

እሱ ሲጫን ላኪው ጋ ያለው መዝገብ ላይ የሚወድቀው መስመር ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነው፦

```
203.0.113.25 [12/Mar/2024:08:14:07 +0300]
"GET /o.gif?id=7f3a91" "Windows NT 10.0 ... Thunderbird/115.8.0"
```

ይቺን አጭር መስመር ቀስ ብላችሁ አንብቧት። መጀመሪያ ያለው ቁጥር የኢንተርኔት መስመራችሁ አድራሻ ነው፣ ከሱ አገሩና ኢንተርኔት አቅራቢው ይታወቃል፣ አንዳንዴ ከተማውም። ቀጥሎ ሰዓቱ አለ፣ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 2:14 ከ7 ሰከንድ ላይ መልእክቱን ከፍታችኋል። 7f3a91 የምትለዋ እናንተ ናችሁ፣ ላኪው ጋ ከኢሜይል አድራሻችሁ አጠገብ ተጽፋለች። መጨረሻ ላይ ዊንዶውስ እንደምትጠቀሙና የትኛው የተንደርበርድ ቨርዥን እንዳላችሁ አለ። ይሄ ሁሉ እንግዲህ ምንም ሊንክ ሳትነኩ፣ ምንም ፋይል ሳታወርዱ፣ ኢሜይሉን ስለከፈታችሁ ብቻ ነው!

ለአይፈለጌ መልእክት ላኪ ትልቁ ትርፍ አድራሻው ሕያው መሆኑን ማወቁ ነው። በዘፈቀደ ለብዙ ሺህ አድራሻ ይልክና ፒክስሉ የተጫነለትን ብቻ ለይቶ ይይዛል፣ ከዛ በኋላ የሚጎርፍባችሁን እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቦታው ነው። የት እንዳለ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ሰው አለ፣ ከሚያስፈራራት ባል ሸሽታ ሌላ አገር የገባች ሴት አለች፣ ዘመዶቹ እንኳን የት እንዳለ የማያውቁት ስደተኛ አለ፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ኢሜይል ከፍተው ያሉበት አገር በዚች ቁጥር ሊጋለጥ ይችላል። በሞባይል ዳታ ሲሆን ብዙ ሰው አንድ የውጭ አድራሻ ስለሚጋራ ከተማው ላይ ሊሳሳት ይችላል፣ አገሩን ግን ብዙውን ጊዜ አይስትም።

ሌላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የወጣ ኢፌይል የተባለ የጥቃት ዘዴ አለ። የጀርመንና የቤልጂየም ተመራማሪዎች ናቸው ያገኙት። አጥቂው በምስጢር ኮድ የተቆለፈ የቆየ ኢሜይል እጁ ካስገባ፣ የተቆለፈውን ጽሑፍ በአንድ የፎቶ አድራሻ መሃል ሸጉጦ መልሶ ይልክላችኋል፣ የናንተ ፕሮግራም ቁልፉን ከፍቶ «ፎቶውን» ሊያመጣ ሲሄድ የተፈታውን ጽሑፍ የአድራሻው አካል አድርጎ ራሱ ወስዶ ለአጥቂው ያስረክበዋል። ማገጃው ይሄን መንገድ ያጠበዋል፣ ተመራማሪዎቹ ግን ማገጃውን ዞረው የሚያልፉ ቀዳዳዎችም አግኝተው ነበር፣ እነሱ በኋላ በአፕዴት ተደፍነዋል፣ ስለዚህ ማገጃው የሚሰራው ፕሮግራሙ አፕዴት ከተደረገ ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ ለስልጠና ተመዝግቦ ማረጋገጫ ኢሜይል መጣለት፣ በር ላይ የሚያሳየው ኪውአር ኮድ ግን ባዶ ሳጥን ሆኖበት ደወለልኝ። ከመልእክቱ በላይ ቢጫ መስመር አለ ወይ አልኩት፣ አለ አለኝ፣ `To protect your privacy, Thunderbird has blocked remote content in this message` ይላል። ይሄ መስመር ካለ ምክንያቱ ማገጃው ነው፣ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። የገረመው ግን የአዘጋጆቹ ፎቶ ከታች መታየቱ ነበር፣ «ያ ታይቶ ይሄ ለምን አይታይም?» አለኝ። `Ctrl+U` ሲጫን የመልእክቱ ጥሬ ኮድ ወጣ፣ እዛ ውስጥ `src=` የሚለውን መፈለግ ነው። የታየው ፎቶ `src="cid:` ብሎ ነው የሚጀምረው፣ `cid` ማለት አብሮ ተጭኖ መጥቷል ማለት ነው። ሎጎውና ኪውአር ኮዱ ግን `src="https://` ብለው የሚጀምሩ ሆነው ከአንድ ሰርቨር ነበሩ፣ እና አራተኛ አንድ አለ፣ ከሌላ ሰርቨር፣ `width="1" height="1"` የተጻፈበት። ያው ፒክስሉ!

ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ቢጫው መስመር ላይ ያለውን በተን ስትነኩ የመጀመሪያው ምርጫ `Show remote content in this message` ነው፣ እሱ ሁሉንም ያመጣል፣ ኪውአር ኮዱንም ፒክስሉንም። ከስሩ ግን እያንዳንዱ ሰርቨር ለብቻው ተዘርዝሮ `Allow remote content from` እያለ ይመጣል። ጓደኛዬ የኪውአር ኮዱን ሰርቨር ብቻ መረጠ፣ ሎጎውና ኮዱ ወጡ፣ ቢጫው መስመር ግን አልጠፋም፣ ምክንያቱም ፒክስሉ አሁንም ታግዷል። መስመሩ አልጠፋም ብሎ ደንግጦ ነበር፣ አለመጥፋቱ ግን ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ነው። እርግጥ የኪውአር ኮዱ ሰርቨርም መከፈቱን ሊመዘግብ ይችላል፣ እሱን ግን ፎቶውን እየፈለጋችሁ ማስቀረት አይቻልም።

እዛው ዝርዝር ውስጥ በላኪው ኢሜይል አድራሻ መፍቀድም አለ። እኔ ይሄን ብዙም አልወደውም፣ ላኪ ተብሎ የሚጻፈው አድራሻ ሊጭበረበር ይችላል፣ ያመናችሁትን ድርጅት ስም ለጥፎ የሚልክ ሰው ያንኑ ፈቃድ ይዞ ይገባል። በሰርቨር የሚሰጥ ፈቃድ የተሻለ ነው፣ ችግሩ ትልልቅ የጅምላ ኢሜይል ላኪ ካምፓኒዎች የብዙ ደንበኛ ፎቶና ፒክስል አንድ ሰርቨር ላይ ስለሚያስቀምጡ አንዱን ስትፈቅዱ ሁሉንም ፈቀዳችሁ ማለት ነው።

ቢጫው መስመር ከሌለስ? መልእክቱ ቀለምም የተለያየ የፊደል መጠንም ከሌለው ምናልባት በጽሑፍ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ነው፣ `View` ውስጥ `Message Body As` የሚለው `Original HTML` ላይ መሆኑን እዩ። ጀንክ ማለትም አይፈለጌ ተብሎ የተፈረጀ መልእክትም ተገፍፎ ነው የሚታየው። ፈቅዳችሁም ካልመጣ ደግሞ ፎቶው ከሰርቨሩ ላይ ተነስቷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ የቆየ ኢሜይል ላይ ይሄ ያጋጥማል፣ ያኔ ላኪው እንደገና ካልላከ በስተቀር እናንተ ጋ የሚስተካከል ነገር የለም። አድራሻውን ኮፒ አድርጎ ብራውዘር ላይ መክፈት እንደ ብልሃት የሚያዩት አሉ፣ እሱም ያው በር ማንኳኳት ነው፣ እንደውም መለያ ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል።

ሌሎቹ ፕሮግራሞች በየራሳቸው መንገድ ነው የሄዱት። የኮምፒውተሩ አውትሉክ እንደ ተንደርበርድ ያግድና ፎቶውን ለማውረድ እዚህ ንካ ይላል። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2013 ጀምሮ ፎቶውን በራሱ ሰርቨር በኩል አምጥቶ ያሳያል፣ ስለዚህ ላኪው የሚያየው የጉግልን አድራሻ እንጂ የናንተን አይደለም፣ ቦታችሁ ይደበቃል ማለት ነው፣ መክፈታችሁ ግን በመለያ ቁጥሩ ይታወቃል። እሱንም ካልፈለጋችሁ `Ask before displaying external images` የሚለውን ምረጡ። አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአይኦኤስ 15 ጋር ባመጣው ጥበቃ መልእክቱን ብትከፍቱም ባትከፍቱም ፎቶውን ከበስተጀርባ በሌላ ሰርቨር በኩል ያወርዳል፣ ላኪው ሁሉም ሰው የከፈተለት ይመስለዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን በሜጋ ባይት ለሚገዛ ሰው ያልከፈተው ፎቶም ከፓኬጁ ሊቆረጥ ይችላል፣ ማገድ ግን ፓኬጅንም ያተርፋል።

ማገጃው የማይሸፍነውም አለ። ሊንክ ከነካችሁ ሊንኩም መለያ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፣ አባሪ ፋይል ላይ ያለ ቫይረስንም አያይም፣ `cid` የሆነ ፎቶንም አያግድም፣ እሱ ግን ወደ ውጭ ስለማይወጣ የሚያስፈራ አይደለም። አንዴ የተጫነ ፒክስል ደግሞ በኋላ ብታግዱትም መስመሩ ላኪው መዝገብ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ወደፊት ያለውን ለመዝጋት `Settings` ከዛ `Privacy & Security` ግቡ፣ `Allow remote content in messages` የሚለው ላይ ምልክት ካለ አንሱት፣ አጠገቡ ያለውን `Exceptions` ስትከፍቱ እስከዛሬ የፈቀዳችሁላቸው ሰርቨሮችና አድራሻዎች ይዘረዘራሉ። ጓደኛዬ ስልጠናውን ጨርሶ ሲመለስ ያቺን የኪውአር ኮድ ሰርቨር ከዛ አጠፋት፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግን መቼ እንደፈቀደላቸው የማያስታውሳቸው ሌሎች ስድስት ነበሩ።