ኢመልሽን ምንድን ነው? ዘይትና ውሃን ማን ያስማማቸዋል?

እስቲ ማዮኔዝ ቤት ልሥራ ብዬ የተነሳሁ ቀን አንድ አስኳል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጣልኩ፣ ሎሚ ጨመቅኩበትና ግማሽ ጠርሙስ ዘይት ገለበጥኩበት። እጄ እስኪዝል በሹካ መታሁት። የወጣው ከላይ ዘይት የተንሳፈፈበት ቢጫ ውሃ ነው። እህቴ ብቅ ብላ አየችና «ይሄ ደግሞ የምን ሾርባ ነው?» አለችኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃው ነው። የውሃ ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ትንሽ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ትንሽ ኔጋቲቭ ስለሆነ እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚኖሩት። ዘይት ደግሞ እንዲህ የሚያዝ ጫፍ የለውም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ዘይት ውሃን ይጠላል ይላል፣ ግን የጥላቻ ጉዳይ አይደለም፤ ውሃው የራሱን ወገን አልለቅ ስላለ ዘይቱ መሃል የሚገባበት ቦታ ያጣል፣ ተገፍቶ ይወጣል፣ ቀለል ስለሚል ደግሞ ከላይ ይሰፍራል።

ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ በደንብ ብትነቀንቁት ዘይቱ ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ይሄ ነው ኢመልሽን፦ አንዱ ፈሳሽ ሳይሟሟ፣ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ሌላው ውስጥ ተበትኖ ሲቀመጥ። ችግሩ፣ ብዙ አለመቆየቱ ነው። ጠብታዎቹ ሲገናኙ ይዋሃዳሉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩት ዘይቱ ተመልሶ ከላይ ተኝቷል።

እንዲቆይ ከተፈለገ ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ሳሙና እንደዚያ ነው። ሞለኪውሉ ረጅም ነው፤ ጭራው ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ራሱ ውሃ ይወዳል። የዶሮ ወጥ ድስት ስታጥቡ ሳሙናው እያንዳንዷን የቅባት ጠብታ ዙሪያዋን ይከባታል፣ ጭራው ወደ ውስጥ፣ ራሱ ወደ ውጭ። ውጭ ያሉት ራሶች ሁሉም ኔጋቲቭ ስለሆኑ ጠብታዎቹ ይገፋፋሉ፣ ተመልሰው አይገጥሙም፣ ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥቡ አልለቅ የሚለው ቅቤው ስለሚረጋ ነው፤ የረጋ ቅቤ ወደ ጠብታ አይሰበርም፣ ሳሙናውም የሚከበው ነገር አያገኝም።

አስኳል ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሌሲቲን የሚባል ቅባት መሰል ነገርና ፕሮቲኖቹ ናቸው። አሁን ወደ እኔ ጥፋት እንመለስ። የአንድ አስኳል ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ሲጨመርበት ጠቅላላ ውሃው 25 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። እዚያ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ሊገባ ነው፣ ስምንት እጥፍ! ለዚህም ነው ማዮኔዝ ከፈሳሽ ብቻ ተሠርቶ በማንኪያ የሚቆመው፤ የዘይት ጠብታዎቹ ተጨናንቀው መንቀሳቀሻ ያጣሉ።

ግን ይህ የሚሆነው ዘይቱ በጠብታ በጠብታ ከገባ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ስታደርጉ ሹካው ይሰባብረዋል፣ ሌሲቲኑም ደርሶ ይሸፍነዋል። በአንዴ ከገለበጣችሁት ግን ሹካውም አይደርስበት፣ ሌሲቲኑም አይደርስለት፤ ያልተሸፈኑት ጠብታዎች ተገናኝተው ይዋሃዱና አለቀ። ጠብታ በጠብታ እያላችሁ ወፈር ሲል፣ ሹካው ያለፈበት መስመር ሲታይ፣ ያኔ በቀጭኑ ማንቆርቆር ይቻላል። ዳር ዳሩ በዘይት ካብለጨለጨ ግን ዘይቱን አቁሙና አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨምራችሁ ምቱት፤ ጠብታዎቹ መቀመጫ ስላጡ ነው።

በነገራችን ላይ መምታትና መናጥ ሁልጊዜ አያስማማም። እርጎ ስንንጥ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ የወተቱ የቅባት ጠብታዎች በስስ ሽፋን ተከበው ተበትነው ይኖራሉ፣ ቅሉ ሲወዛወዝ ይጋጫሉ፣ ሽፋናቸው ይቀደዳል፣ ተጣብቀው ቅቤ ይወጣሉ።

የተበላሸው ማዮኔዝ ደግሞ አይደፋም። ንጹህ ሳህን ውስጥ አዲስ አስኳል አደረግሁና ያንን «ሾርባ» እንደ ዘይት ቆጥሬ በሻይ ማንኪያ ጫፍ እያደረግሁ ጨመርኩበት፣ በእያንዳንዱ መሃል እየመታሁ። አምስተኛው ማንኪያ ላይ ነጣ ብሎ መወፈር ጀመረ። ጥሬ እንቁላል ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ በማግስቱ ጨረስነው። ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፤ ውሃው በረዶ ሲሆን ጠብታዎቹን ያጋጫቸዋል፣ ሲቀልጥ ያው የመጀመሪያው ሾርባ ነው።