«እስቲ እናያለን» መቼ ነው «አይሆንም» የሚሆነው?

ገላን አካባቢ መጋዘን የሚያከራዩ አንድ አዛውንት አሉ እንበል። አንድ ጀርመናዊ ነጋዴ ከ80 ሺህ ብሩ የወር ኪራይ 15 ሺህ እንዲቀንሱለት በሠራተኞቻቸው ፊት ጠየቃቸው። «እስቲ እናያለን» አሉት። ደስ ብሎት ሄደ። ያሉት ግን «አይሆንም» ነበር።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ንግግር ዐውዱ የከበደ ይለዋል። መልእክቱ ከቃሉ ይልቅ በሁኔታው ውስጥ ነው፦ ማን ፊት ተባለ፣ በምን ድምፅ፣ ከምን ዝምታ በኋላ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

ታዲያ በምን ይለያል? በሚከተለው ነገር። የምር «እናያለን» ቀን አለው፦ «ማክሰኞ ከልጄ ጋር ተማክሬ እደውላለሁ» ይላል። ባዶው ግን ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል።

ጀርመናዊው በሰው ፊት መጠየቁም ጎድቶታል። እዚያው ቢቀንሱ ተሸናፊ፣ እንቢ ቢሉ እንግዳ አሳፋሪ ሊመስሉ ነው። ሁለት ጊዜ ቡና አብሯቸው ጠጥቶ፣ ከዚያ በደላላው በኩል ቢያስጠይቅ፣ እንቢታውም ሆነ ቅናሹ ማንንም ሳያሳፍር ይመጣ ነበር። በእርግጥ ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ ፊት ለፊት «አይቀንስም» የሚል ነጋዴም ሞልቷል።