ለቦርድ የሚጻፍ የአንድ ገጽ የክርክር ማጠቃለያ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ ገጠመኝ። አንድ የሕግ ባለሙያ ለጀማሪዎች ሲያስረዳ «ኤግዚኪዩቲቭ ሰመሪ ማለት ከእያንዳንዱ ሰነድ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየወሰዱ ወፍራሙን መዝገብ ወደ አንድ ገጽ ማውረድ ነው፤ የጠበቃው አስተያየት እንዳይገባበት» ይላል። ይህን አባባል በተለያየ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት። በዚህ መንገድ የተጻፉ ገጾች እዚህ ጅማ ውስጥ ቦርድ ፊት ሲቀርቡም አይቻለሁ፤ አባላቱ አንብበው፣ ቀና ብለው «እና ምን እናድርግ?» ይላሉ። ገጹ ላይ መልስ የለም። ስብሰባው ወደ ሌላ አጀንዳ ይሄዳል፣ የይግባኝ ጊዜው ግን መቁጠሩን ይቀጥላል።

የቦርድ ማጠቃለያ የመዝገቡ ታሪክ አይደለም። ቦርዱ አንድ ውሳኔ እንዲወስን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ የያዘ ወረቀት ነው። ምን ይወሰን፣ እስከ መቼ፣ ስንት ብር ነው፣ የማሸነፍ ዕድላችን እንዴት ነው፣ ጠበቃው ምን ይመክራል። መዝገቡ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ገጹ ላይ ቦታ የሚያገኘው ከነዚህ አንዱን የሚቀይር ከሆነ ብቻ ነው።

ጤና ጣቢያ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲልክ የሚጽፈውን የሪፈር ወረቀት አስቡት። የታካሚው ካርድ ወፍራም ሊሆን ይችላል። ሪፈሩ ላይ ግን መቼ ካርድ እንዳወጣና ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አይጻፍም። ምን እንደታመመ፣ ምን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠው፣ ምን እንደሚያሰጋና ከተቀባዩ ሐኪም ምን እንደሚፈለግ ይጻፋል። ደግሞም የላከው ሐኪም የሚመስለውን በሽታ ይጽፋል፤ «አስተያየት ስለሆነ ልተወው» አይልም። ታካሚው መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ ደግሞ እሱ ከላይ በጉልህ ይሰፍራል፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው ሐኪም ካርዱን ሳያይ ነው መርፌ የሚወጋው። ቦርዱም እንደዚያ ሐኪም ነው። መዝገቡን አያነብም፣ እጁ ላይ ባለው ገጽ ይወስናል።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንየው። ለማሳያ ብዬ ራሴ የገጣጠምኩት ነው፤ ዓይነቱ ግን በዚህ ሥራ ላይ ላለ ሰው አዲስ አይደለም።

ጅማ ያለ አንድ የቡና አክሲዮን ማኅበር መጋዘን ያሠራል። ሥራ ተቋራጩ ዘግይቶ ያስረክባል። ማኅበሩም «ዘግይተሃል» ብሎ የመጨረሻውን ክፍያ 4.2 ሚሊዮን ብር ይይዝበታል። ተቋራጩ ይከሳል። ከሦስት ዓመት ክርክር በኋላ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ማኅበሩ 4.2 ሚሊዮኑን፣ ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ከሚታሰብ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ጋር እንዲከፍል ይፈርዳል። መዝገቡ በሁለት ሣጥን ፋይል ተጠርዟል። ፍርዱ ከተሰጠ 25 ቀን ሆኖታል፣ ቦርዱ የሚሰበሰበው ከ10 ቀን በኋላ ነው።

በመጀመሪያው አሠራር የተጻፈው ገጽ እንዲህ ይጀምራል፦ «ከሳሽ በቀን እንትን ክስ አቀረቡ፤ ተከሳሽ መልስ ሰጡ፤ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ተነሣ፤ ብይን ተሰጠ፤ ምስክር ለመስማት ተቀጠረ፤ ዳኛው ስላልተሟሉ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጠ...» የገጹ ሁለት ሦስተኛ እንዲህ ያልቃል። መጨረሻ ላይ «ፍርድ ቤቱ በማኅበሩ ላይ ወስኗል፤ የይግባኝ መብት አለን» የምትል መስመር ትገባለች። ስህተት የለበትም፣ ግን ለውሳኔ የሚሆን ነገርም የለውም።

እኔ የመጀመሪያውን መስመር የምሰጠው ለቀኑ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ቦርዱ ሲሰበሰብ 35ኛው ቀን ይሆናል። 25 ቀን ይቀራል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መደበኛ ስብሰባ ከሁለት ወር በኋላ ከሆነ፣ ዛሬ ሳይወሰን ማደር ማለት ይግባኝ ላለመጠየቅ መወሰን ማለት ነው፤ ይህ በግልጽ መጻፍ አለበት። ያለፈበትን ይግባኝ ለማስፈቀድ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፣ የጠበቃ ወይም የወኪል ጥፋት ደግሞ በቂ ምክንያት ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ «እስከ መቼ» የሚለውን በቀን ቁጥር ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ቀን ጻፉት፦ የትኛው ወር፣ ስንተኛው ቀን።

ከዚያ ብሩ። «4.2 ሚሊዮን ከነወለዱ» ብሎ መተው የተለመደ ነው፣ እኔን ግን ያናድደኛል። ቦርዱ ወለዱን በራሱ እንዲያሰላ መተው ተገቢ አይደለም። 9 በመቶ በዓመት 378,000 ብር ነው፣ በወር 31,500። እስከ ፍርዱ ቀን ሦስት ዓመት ስለሆነ ወለዱ 1,134,000 ደርሷል፣ ድምሩ 5,334,000። በየወሩ 31,500 እየጨመረ ነው። ወጪና ኪሣራ ከተጠየቀ ለብቻው ይጻፍ። እነዚህ ቁጥሮች እስከ መቼ ድረስ እንደተሰሉ ካልተጻፈ ግን ዋጋ የላቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ ማለትም ወደ መጥፎው ሰነድ። በዚህ መዝገብ ውስጥ የጊዜያዊ ርክክብ ቃለ ጉባኤ አለ። የማኅበሩ መሐንዲስ ፈርሞበታል። ስለ መዘግየት አንድ ቃል አልተጻፈበትም፣ «መብታችን እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል ሐረግ እንኳን የለውም። በዚያ ላይ ተቋራጩ ሲዘገይ ማኅበሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልሰጠውም። በውል ሕጋችን ደግሞ ባለዕዳው አልፈጸመም ብሎ መብት ለመጠየቅ በመርኅ ደረጃ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ የወሰነው በነዚህ በሁለቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ከማጠቃለያው የሚቀረው ይኸው መጥፎ ሰነድ ነው። በክፋት አይደለም። ጸሐፊው ሦስት ዓመት ሙሉ ለማኅበሩ ስለተከራከረ ገጹንም እንደ ክርክር ማመልከቻ ይጽፈዋል፦ «ፍርድ ቤቱ ማስረጃችንን በአግባቡ ሳይመረምር...»። ያ ቋንቋ ለይግባኝ አቤቱታው ይሁን። ቦርዱ የእናንተ ደንበኛ እንጂ ዳኛ አይደለም፣ ማሳመን ሳይሆን መንገር ነው የሚያስፈልገው። መጥፎውን ሰነድ መተው መድኃኒት የማይስማማውን ታካሚ «ጤነኛ ነው» ብሎ እንደመላክ ነው። ስለዚህ ሁለት መስመር፦ ርክክቡ ያለ ተቃውሞ ተፈርሟል፣ ማስጠንቀቂያ አልተሰጠም፣ ይግባኝ ሰሚው ይህን ይቀይረዋል ብለን አናስብም።

«አስተያየት አይግባ» ለሚለው ወዳጃችን እዚህ ላይ መልስ አለኝ። ያለ አስተያየት ቦርዱ ምን ይዞ ይወስናል? ችግሩ አስተያየት መግባቱ አይደለም፣ አስተያየትና ፍሬ ነገር ሳይለዩ መቀላቀላቸው ነው። ፍርዱ የሚለው አንድ አንቀጽ፣ እኛ የምንገምተው ሌላ አንቀጽ ይሁን፣ በቃ። ግምቱንም «70 በመቶ እናሸንፋለን» እያላችሁ አትጻፉት፤ ያ ቁጥር ከየት መጣ ብትባሉ መልስ የላችሁም። «ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ምክንያቱም...» በሉ። አንድ ነገር ግን ሒሳብ ክፍሉ ይጠይቃችኋል፦ ገንዘቡ የመውጣቱ ዕድል ካለመውጣቱ ይበልጣል ወይ? ዓለም አቀፉን የሒሳብ አያያዝ ደረጃ የሚከተል ድርጅት መልሱ አዎ ከሆነና መጠኑ በአስተማማኝ ሁኔታ መገመት ከቻለ መጠባበቂያ መያዝ አለበት። እናንተ ለቦርዱ አንድ ነገር ነግራችሁ ለኦዲተሩ ሌላ ከጻፋችሁ ጣጣው የከፋ ነው።

ምርጫዎቹ ደግሞ ከነዋጋቸው ይቀመጡ። ተቋራጩ «በአንድ ወር ውስጥ ከከፈላችሁ የወለዱን ግማሽ እተዋለሁ» ብሏል እንበል። ያ እስከ ፍርዱ ቀን በተሰላው ወለድ 4,767,000 ብር ይሆናል፣ 567,000 ይተርፋል። ሌላው ምርጫ ሁሉንም ነገር ይግባኝ ማለት ነው፣ ዕድሉ ጠባብ መሆኑን ተናግረናል። ሦስተኛው የወለዱን መነሻ ብቻ ይግባኝ ማለት ነው፦ ውሉ የመጨረሻው ክፍያ ከመጨረሻ ርክክብ በኋላ ይከፈላል ይላል፣ ያ ርክክብ የተደረገው ደግሞ ክሱ ከቀረበ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ይህ ክርክር ያስኬዳል። ሙሉ በሙሉ ቢሳካ የሚተርፈው ግን የአንድ ዓመት ወለድ ነው፣ 378,000። ይግባኙ አንድ ዓመት ቢፈጅና ዋናው ገንዘብ እስከዚያ ካልተከፈለ ደግሞ ሌላ 378,000 ይጨመራል። ያተረፍነው መልሶ ሄደ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ገጹ ላይ ያየ ቦርድ ብዙ አይከራከርም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይረሳል። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያግድም። እግድ ተጠይቆ ሊፈቀድ ይገባል፣ ፍርድ ቤቱም ዋስትና ሊጠይቅ ይችላል። ቦርዱ «ይግባኝ ብለናል» ብሎ ተረጋግቶ ሳለ፣ ቡና በሚገዛበት ወቅት የባንክ ሒሳቡ ሊታገድ ይችላል። ለቡና ማኅበር ይህ ከ4.2 ሚሊዮኑ በላይ ሊጎዳ ይችላል፤ አንድ መስመር ይገባዋል።

ስለ ቋንቋም ልበል፣ ምክንያቱም ጅማ ነን። ፍርዱ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የግንባታ ውሉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፣ ገጹ ደግሞ በአማርኛ ይጻፋል። የፍርዱን የውሳኔ ክፍል አታሳጥሩት። እንዳለ ተርጉሙት፣ ዋናውንም ከጀርባ አያይዙት። ወለዱ «ክሱ ከቀረበበት» ወይስ «ፍርድ ከተሰጠበት» ቀን ጀምሮ የሚለው በዚህ ጉዳይ ላይ የ1,134,000 ብር ልዩነት ነው፣ በማሳጠር መሐል የሚጠፋውም እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ገጹን በቴሌግራም ግሩፕ አትልቀቁት። ደካማ ጎናችሁን በግልጽ የጻፋችሁበት ወረቀት ነው፣ ተቋራጩ እጅ ከገባ የድርድሩ ዋጋ በዚያው ቀን ይቀየራል። ኮፒዎቹ ተቆጥረው ይታደሉ፣ ከስብሰባው በኋላ ይሰብሰቡ። ቃለ ጉባኤው ላይም የሚሰፍረው ውሳኔው ነው እንጂ የጠበቃው ግምት አይደለም።

የመጨረሻው መስመር ምክሩ ነው። ለዚህ ጉዳይ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ቦርዱ በ4,767,000 ብር እንድንስማማ እንዲፈቅድ እንጠይቃለን። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ለአፈጻጸም ችሎት ቀርቦ ይመዝገብ። የይግባኙ ቀን ሊያልፍ አንድ ሳምንት ሲቀረው ስምምነቱ ካልተፈረመ፣ በወለዱ መነሻ ላይ ብቻ ይግባኝና የእግድ ጥያቄ እንድናቀርብ ከአሁኑ ይፈቀድልን።» ከስሩ የጻፈው ሰው ስምና ፊርማ፣ እንዲሁም የተጻፈበት ቀን።