የፒኤስ 2 ጌም በፒኤስ 3 ላይ፦ ቺፑ ያለበት ማሽንና በኢሙሌተር የሚሠራው

ድሬዳዋ ላይ ያገለገለ ፒኤስ 3 ለመግዛት ታይዋን ገበያ የገባ ሰው አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፦ የፒኤስ 2 ሲዲ ያጫውታል ወይ? አንዳንዱ ፒኤስ 3 ያጫውታል፣ አንዳንዱ በከፊል ያጫውታል፣ አብዛኛው ደግሞ ጨርሶ አያጫውትም። ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ ያለው ቦርዱ ላይ ነው።

አዲስ ማሽን የድሮ ጌም የሚያጫውትባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የድሮውን ማሽን ቺፕ አዲሱ ቦርድ ላይ መትከል ነው። እንዲህ ከሆነ ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው መጀመሪያ የተሠራለት ቺፕ ራሱ ነው። ሁለተኛው ኢሙሌሽን ነው። የድሮው ቺፕ አይኖርም። በእሱ ፋንታ አንድ ሶፍትዌር የጌሙን ትእዛዝ እያነበበ አዲሱ ፕሮሰሰር ወደሚገባው ትእዛዝ ይቀይረዋል፤ ይህንንም ጌሙ እየሄደ ሳለ ያደርገዋል።

ሶኒ በመጀመሪያው መንገድ የጀመረው በፒኤስ 2 ነው። የፒኤስ 1 ፕሮሰሰር እዚያ ውስጥ ቀርቷል፣ ግን ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። የፒኤስ 2 ጌም ሲከፈት የጆይስቲኩን፣ የሜሞሪ ካርዱንና የዲስኩን ሥራ የሚያስተናግደው እሱ ነበር። የፒኤስ 1 ዲስክ ሲገባ ደግሞ ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል።

ፒኤስ 3 ላይ ነገሩ ከበደ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 በጃፓንና በአሜሪካ የወጡት ባለ 20 እና ባለ 60 ጊጋባይት ማሽኖች የፒኤስ 2ን ሁለት ዋና ቺፖች ይዘው ነበር። ኢሞሽን ኢንጂን የተባለው ፕሮሰሰር የጌሙን ሒሳብ ይሠራል፤ ግራፊክስ ሲንተሳይዘር የተባለው ምስሉን ይስላል። 32 ሜጋባይት የፒኤስ 2 ሜሞሪም አብሯቸው ነበር። እዚህም ላይ ቢሆን ሁሉም ነገር የድሮ ቺፕ አልነበረም፤ የድምፁንና የጆይስቲኩን ሥራ የፒኤስ 3 ዋና ፕሮሰሰር ሴል በሶፍትዌር ይሸፍን ነበር። ያም ሆኖ ጥቂት ጌሞች ሲቀሩ የፒኤስ 2 ጌም በእነዚህ ማሽኖች ላይ ያለ ችግር ይሄዳል።

በመጋቢት 2007 አውሮፓ የገባው ባለ 60 ጊጋባይት ማሽን፣ በኋላም በአሜሪካ የወጣው ባለ 80፣ ኢሞሽን ኢንጂንን አጥተዋል። የእሱን ሥራ ሴል በኢሙሌሽን ተረከበው። ግራፊክስ ሲንተሳይዘር ግን ቦታው ላይ ቆየ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የመጣው ባለ 40 ጊጋባይት ሁለቱንም አጣ፤ የፒኤስ 2 ዲስክም ከዚያ በኋላ በወጡት ፒኤስ 3ዎች ላይ መሥራት አቆመ። ምክንያቱ በአብዛኛው ወጪ መቀነስ እንደነበር ይነገራል።

ታዲያ ለምን ፕሮሰሰሩ ቀድሞ ወጥቶ የምስሉ ቺፕ ቀረ? ፕሮሰሰር ቢከብድም ይተረጎማል። ሴል በ3.2 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ የፒኤስ 2 ፕሮሰሰር ወደ 295 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። የምስሉ ቺፕ ጉዳይ ግን የፕሮሰሰር ፍጥነት አይደለም። ግራፊክስ ሲንተሳይዘር በሆዱ ውስጥ 4 ሜጋባይት ብቻ ሜሞሪ ነበረው። ከዚያ ሜሞሪ ጋር ግን በሰከንድ እስከ 48 ጊጋባይት ይለዋወጥ ነበር። የፒኤስ 3 የምስል ቺፕ 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ቢኖረውም የሚለዋወጠው በሰከንድ ወደ 20.8 ጊጋባይት ነው። ሜሞሪው በ64 እጥፍ ይበልጣል፣ መንገዱ ግን ከግማሽ በታች ነው። የፒኤስ 2 ጌም ሠሪዎች ይህን ሰፊ መንገድ ያውቁ ነበር። ጭስን፣ ጭጋግንና የመብራት ነጸብራቅን በአንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ይደራርቡ ነበር። እንዲህ ያለ ጌም በጠባብ መንገድ ሲሄድ ይንቀራፈፋል።

በከፊል የሚሠሩት ማሽኖች ላይ ችግሩ የራሱ መልክ አለው። ድምፅ ይቆራረጣል፣ ጥላ ይጠፋል፣ ወይም ጌሙ አንድ ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የድሬ ሠሪዎች መጀመሪያ ሌንሱን መፈተሻቸው ትክክል ነው፣ ምክንያቱም አቧራችን ሌንስ አይምርም። ግን ሁለቱን ብልሽቶች መለየት ይቻላል። ያንኑ ጌም በሌላ ንጹሕ ዲስክ ሞክሩት። እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ዓይነት ከቆመ ጥፋቱ የኢሙሌተሩ ነው፤ ሌንስ መቀየር ገንዘብ ማባከን ይሆናል። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ የሚቆም ከሆነ ግን ሌንሱን ወይም ዲስኩን ጠርጥሩ።

ማሽኑን ለመለየት ከኋላው ያለውን ሞዴል ቁጥር ማንበብ ነው። በCECHA እና በCECHB የሚጀምሩት ሁለቱንም ቺፖች የያዙ ናቸው። CECHC እና CECHE የምስሉን ቺፕ ብቻ ይዘዋል። CECHG እና ከእሱ በኋላ የመጡት ምንም የላቸውም። ወረቀቱ ከተላጠ ፊት ለፊት ያሉትን የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ቁጠሩ። አራት ከሆኑ ከመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ሁለት ከሆኑ የፒኤስ 2 ዲስክ አይነካም።

ቺፑ ስላለ ብቻ ግን ሁሉም ዲስክ ይሠራል ማለት አይደለም። ፒኤስ 3 የፒኤስ 2 ዲስክ ኦሪጅናል መሆኑን ይፈትሻል፣ ሪጅኑንም ያያል። የአሜሪካ ማሽን የአውሮፓን የፒኤስ 2 ዲስክ አይቀበልም። ኮፒ የሚያስነብብ ቺፕ በተገጠመለት ፒኤስ 2 ላይ ለዓመታት ያገለገለ ኮፒ ሲዲ ያልተነካካ ፒኤስ 3 ላይ ዋጋ የለውም። የድሮው ሜሞሪ ካርድም መሰኪያ የለውም። ማሽኑ ሃርድ ዲስኩ ላይ በሶፍትዌር የተሠራ ሜሞሪ ካርድ ይከፍታል፤ የድሮውን ሴቭ ለማዛወር ለብቻው የሚሸጥ አዳፕተር ያስፈልጋል።

ሁለቱን ቺፖች የያዙት ማሽኖች ሌላው ችግራቸው ሙቀት ነው። የኃይል ማቅረቢያቸው እስከ 380 ዋት የተሠራ ነው፣ ዋና ቺፖቻቸውም ከኋለኞቹ ይበልጥ ይግላሉ። በድሬ ሙቀት፣ በተዘጋ ጌም ቤት ውስጥ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብልሽቱ ሲመጣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ለአፍታ ቢጫ ይላል፣ ከዚያ ቀይ ብልጭ ድርግም ይላል። መንስኤው ላይ ሠሪዎች አይስማሙም። አንዳንዶች ከቺፑ ሥር ያለው ብየዳ ተሰነጠቀ ይላሉ፤ ሌሎች ከቺፖቹ አጠገብ ያሉትን ጠፍጣፋ ካፓሲተሮች ይከስሳሉ። በሙቀት ማራገቢያ ተሞቆ እንደገና የሠራ ማሽን ብዙ ጊዜ ተመልሶ መውደቁ ግን አያከራክርም። እዚህ ከተማ በሁለቱም መንገድ የሚሞክሩ እጀ ብርቱ ልጆች አሉ።

ሌሎቹ ኩባንያዎች የተለያየ መንገድ ሄደዋል። የኒንቴንዶ ዊ የጌምኪዩብ ቺፖችን ቤተሰብ ስለያዘ ዲስኩን እንዳለ ያጫውታል። ኤክስቦክስ 360 የፊተኛውን ኤክስቦክስ በኢሙሌተር ያስኬዳል፣ የሚሠሩትም ዝርዝር ውስጥ የገቡ ጌሞች ብቻ ናቸው።

ሶኒ ራሱ በኋላ የፒኤስ 2 ጌሞችን በኢንተርኔት መሸጥ ጀመረ። እነዚህ ያለ ምንም የድሮ ቺፕ በማንኛውም ፒኤስ 3 ላይ ይሄዳሉ። ልዩነቱ ኢሙሌተሩ ለእያንዳንዱ ጌም ለብቻው ተስተካክሎ መቅረቡ ነው። ቤት ያለውን ዲስክ አስገብቶ በዚያው ኢሙሌተር ለማጫወት ግን ማሽኑ አይፈቅድም። ስለዚህ ሻጩ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ ባለው ማሽን ላይ የፒኤስ 2 ጌም ከፍቶ ቢያሳያችሁ፣ ጌሙ ከሃርድ ዲስኩ ነው ወይስ ከዲስክ ብላችሁ ጠይቁት።