«.com ነፃ ነው» ማለት ስሙ የእርስዎ ነው ማለት አይደለም፦ ስለ ብራንድ ስም የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጅማ ውስጥ ቡና ቆልተው፣ ፈጭተውና አሽገው የሚሸጡ ወጣቶች እየበዙ ነው። ብዙዎቹ ስም የሚመርጡት ማሸጊያው ሊታተም ሲል ነው። የሚያጣሩትም የድረ ገጽ አድራሻው፣ ማለትም ዶሜይኑ፣ ነፃ መሆኑን ብቻ ነው። ለምሳሌ አንዲት ወጣት የተፈጨ ቡናዋን «ንጋት ቡና» ልትለው አስባለች እንበልና፣ ብዙ ጊዜ የምንሰማቸውን ሐሳቦች በእሷ ጉዳይ ላይ እንያቸው።

«nigatcoffee.com ነፃ ነው፤ ገዛሁት፤ አለቀ።»

ዶሜይን የሚሸጥ ድርጅት የንግድ ምልክት መዝገብ አያይም። ያ የፊደል ቅደም ተከተል ገና አለመወሰዱን አይቶ ይሸጣል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። እንዲያውም ሲገዙ «እስማማለሁ» ብለው የሚያልፉት ውል ላይ፣ ስሙ የሌላ ሰው መብት እንደማይነካ የሚያረጋግጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

እንደ .com ባሉ ዶሜይኖች ላይ ክርክር ሲነሳ የሚሠራበት UDRP የሚባል ሥርዓት አለ። ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ያለ ነው። ከሳሹ ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፦ ዶሜይኑ ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ወይም እስከማደናገር ድረስ ተመሳሳይ መሆኑን፣ ባለ ዶሜይኑ በስሙ ላይ መብትም ሆነ ተገቢ ጥቅም እንደሌለው፣ የተመዘገበውም ጥቅም ላይ የዋለውም በክፉ ልቦና መሆኑን። ሦስቱም ካልተሟሉ አይፈረድም። ስለዚህ በቅንነት የራሷን ቡና የምትሸጥ ልጅ በቀላሉ ዶሜይኗን አትነጠቅም። ግን ዶሜይኑ ቢተርፍላትም፣ ስሙን ማሸጊያ ላይ ማተም በንግድ ምልክት ሕግ ሊያስከስሳት ይችላል። ሁለቱ ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው።

«ንግድ ቢሮ በዚህ ስም ንግድ ፈቃድ ሰጥቶኛል። ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ንግድ ቢሮ የሚመዘግበው የንግድ ስም ነው። የንግድ ስም ድርጅቱ የሚታወቅበት ነው። የንግድ ምልክት ግን ዕቃው ላይ የሚለጠፈው፣ ገዢው «ያንን ስጠኝ» የሚልበት መለያ ነው። ይህን የሚመዘግበው አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት። በዚህ አዋጅ የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል።

ስለዚህ ጅማ ላይ «ንጋት» የሚል ንግድ ፈቃድ ይዘው፣ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ያለ ሌላ ሰው «ንጋት»ን ለቡና አስመዝግቦት ሊያገኙት ይችላሉ።

«ፈልጌ አላገኘሁትም።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

«Nigat Coffee» ብሎ ጽፎ መፈለግ የሚያሳየው ልክ እንደዚያ የተጻፈውን ብቻ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ገዢው ይደናገራል ወይ የሚለውን ነው። ማመልከቻውን የሚያየው የባለሥልጣኑ መርማሪም ሆነ ፍርድ ቤት የስሙን አጻጻፍ፣ ድምፅና ትርጉም ያያል።

መጀመሪያ «ቡና» እና «ኮፊ» የሚሉትን ያውጧቸው። ቡና ሻጭ ሁሉ የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ ስምን ከስም አይለዩም። የቀረው «ንጋት» ነው። ይህን በላቲን ፊደል ሰው በስንት መንገድ ይጽፈዋል? Nigat, Negat, Ngat, Nighat። በቁቤ የሚጽፍ ደግሞ Nigaat ይላል። እያንዳንዱን ለየብቻ ይፈልጉ። በግዕዝ ፊደልም ይፈልጉ፣ «ንጋቱ» የሚለውን ዓይነት ቅርብ ስም ጭምር። ቀጥሎ ትርጉሙን ይዩ፦ «ጎህ»፣ በኦሮምኛ Barii፣ በእንግሊዝኛ Dawn። ለቡና የተመዘገበ Dawn መኖሩ በራሱ ያስጥልዎታል ማለት አይደለም። ግን ማየትና ከባለሙያ ጋር መነጋገር አለብዎት።

ከዚያ የዕቃው ዓይነት ይመጣል። ምልክት የሚመዘገበው በዕቃና በአገልግሎት መደብ ነው። በዓለም አቀፉ የኒስ ምደባ ቡና መደብ 30 ውስጥ ነው፣ ካፌ ደግሞ መደብ 43። መደብ 30ን ብቻ አይቶ «ነፃ ነው» ማለት አደገኛ ነው። «ንጋት ካፌ» የሚል የተመዘገበ ምልክት ቢኖር፣ ካፌው ቡናውንም አሽጎ የሚሸጥ ይመስለዋል ገዢው። ይህ በቂ ግጭት ነው። በአንጻሩ በዚሁ ስም የተመዘገበ የጫማ ምልክት ቢያገኙ፣ ስሙ እጅግ የታወቀ ካልሆነ በስተቀር ብዙ አያስጨንቅም።

በመጨረሻም የተመዘገበውን ብቻ ሳይሆን ማመልከቻ ላይ ያለውንም ይዩ። የራሳችን አገር ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመለከተች። ሲዳሞ ላይ እንቅፋት ገጠማት። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ በ2004 «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበት ረዘም ያለ የቡና ስም ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ነበር። ያ ማመልከቻ ገና አልጸደቀም፣ ስሙም «ሲዳሞ» ብቻ አልነበረም። ሆኖም በ2006 እስኪነሳ ድረስ መንገድ ዘጋ። በሁለቱ መካከል ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው።

የት ይፈለጋል? ለውጭ ገበያ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የምልክት መፈለጊያ በሆነው branddb.wipo.int ላይ በነፃ መጀመር ይቻላል። እሱ ግን የኢትዮጵያን መዝገብ አይተካም። አገር ውስጥ ለመሸጥ ባለሥልጣኑ ዘንድ ያለውን መዝገብ ማስፈተሽ ግድ ነው። ሳያስመዘግቡ በስሙ የሚሠሩ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አይገኙም። እነሱን ለማግኘት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መፈለግ፣ ሂርማታ ገበያ ዞር ዞር ብሎም መደርደሪያ ማየት ነው።

«ጅማ የሁላችንም ነው፤ ‘ጅማ ቡና’ ብል ማን ይከለክለኛል?»

እውነት ነው፣ ማንም አይከለክልዎትም። ችግሩ እርስዎም ሌላውን መከልከል አይችሉም። የዕቃውን መገኛ ብቻ የሚናገር ስም ለአንድ ነጋዴ መለያ ሆኖ አይመዘገብም። አዲስ አበባ ያለ ቆዪም ነገ «ጅማ ቡና» ብሎ ያሽጋል። «ንጋት የጅማ ቡና» ቢሉ ግን የእርስዎ የሚሆነው «ንጋት» ነው፣ «ጅማ» መገኛውን ይናገራል። ቡናው በእርግጥ የጅማ መሆን አለበት፣ አለዚያ ገዢን ማሳሳት ይሆናል።

«አባ ጅፋር» የሚለውም ስም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከእግር ኳስ ክለቡ ጀምሮ ብዙዎች ይጠቀሙበታል፣ ስለዚህ ምልክቱ ቢመዘገብ እንኳ የእርስዎን ዕቃ ከሌላው የመለየት አቅሙ ደካማ ነው።

«ዶሜይኑ ተይዟል፣ ግን ማንም አይጠቀምበትም፤ ጊዜው ሲያልፍ እወስደዋለሁ።»

መጀመሪያ lookup.icann.org ላይ ያስገቡትና መቼ እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚያበቃና ሁኔታውን ያንብቡ። ጊዜው ያለፈ .com በማግሥቱ ነፃ አይወጣም። የቀድሞው ባለቤት የሚያድስበት ጊዜ አለው። ከተሰረዘም በኋላ 30 ቀን መልሶ የሚያስነሳበት፣ ከዚያም 5 ቀን የመጨረሻ ጥበቃ አለ። ድረ ገጽ አለመኖሩም ስሙ ሥራ ፈቷል ማለት አይደለም፣ ለኢሜይል ብቻ የሚጠቀሙ አሉ።

ለመግዛት ከወሰኑ ስሙን በይፋ ከማስተዋወቅዎ በፊት ባለቤቱን ያነጋግሩ፣ ዋጋው የሚንረው በኋላ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ web.archive.org ላይ የዶሜይኑን ያለፉ ዓመታት ይዩ። ቀድሞ የቁማር ወይም የማጭበርበሪያ ገጽ ከነበረ፣ እርስዎ ለደንበኛ የሚልኩት ኢሜይል የማይፈለግ መልእክት ውስጥ እየገባ ሊያስቸግርዎት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ይተዉትና com.et ያለውን ከኢትዮ ቴሌኮም ይጠይቁ።